ስኳሩ ብርጭቆ ሥር ሲቀር

የአዳማ ሙቀት ሲበረታ እኛ ቤት ሻይ ፍሪጅ ይገባል። ማታ ያለ ስኳር ይፈላል፣ በማግስቱ ቀዝቅዞ ይጠጣል። ጣጣው ስኳር ሲጨመርበት ነው።

ምልክቱ፦ ሁለት ማንኪያ ጨምራችሁ አማሰላችሁ። ላይ ላዩ አይጣፍጥም። መጨረሻ ላይ ግን አሸዋ የመሰለ ጣፋጭ ዝቃጭ አፍ ውስጥ ይገባል።

ምክንያቱ፦ ብዙ ሰው “ቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ይጠግባል” ይላል። ወንጂ አጠገብ ተቀምጠን ስኳርን እንዲህ ማማት አይገባንም። በ20 ዲግሪ 100 ግራም ውሃ 200 ግራም ያህል ስኳር ያሟሟል። 150 ግራም ሻይ የሚይዝ ብርጭቆ እንግዲህ 300 ግራም ይችላል፤ ባለ 5 ግራም ማንኪያ ከሆነ 60 ማንኪያ! ሁለት ማንኪያ ምኑም አይደለም። የጎደለው ፍጥነት ነው። ስኳሩ መሟሟት ሲጀምር ዙሪያውን ወፍራም ጣፋጭ ውሃ ይከበዋል። ይሄ ውሃ ስለሚከብድ እዚያው ሥር ይተኛል፣ ከላይ ያለውን ሻይ ወደ ስኳሩ አያስጠጋም። ሲሞቅ ግን ይቀጥናል፣ የውሃው ቅንጣቶችም ስኳሩን ቶሎ ቶሎ እየነጠቁ ይሄዳሉ። ትኩስ ሻይ የበለጠ ስኳር የሚችል መሆኑም እውነት ነው፤ በ80 ዲግሪ 100 ግራም ውሃ 360 ግራም ገደማ ይይዛል። ግን እዚያ ድረስ ማን ይጠጣል?

መለያው፦ አንድ ደቂቃ ሙሉ ከሥር አማስሉ። ዝቃጩ ከቀነሰ ሻይው አልጠገበም ማለት ነው።

መፍትሄው፦ ስኳሩን መጀመሪያ በትንሽ ትኩስ ሻይ አሟሙታችሁ ቀዝቃዛውን ጨምሩበት። ወይም ግማሽ ኪሎ ስኳር በግማሽ ሊትር ውሃ አሙቃችሁ ሽሮፕ አዘጋጁና ፍሪጅ አስቀምጡ።

እኔ አንዴ ስስታም ሆንኩና በዚያው ግማሽ ሊትር አንድ ኪሎ ጨመርኩ። ምድጃ ላይ ጥርት ብሎ ሟሟ። ከቀናት በኋላ የጠርሙሱ ሥር ስባሪ መስታወት በመሰለ ነገር ተሞልቶ አገኘሁት። የእውነት መጥገብ ይሄ ነው። ፍሪጅ ውስጥ 100 ግራም ውሃ የሚችለው 180 ግራም አካባቢ ነው፤ የእኔ 200 ነበር። ትርፉ ተመልሶ ስኳር ሆነ። ይህን ማማሰል አይፈታውም። ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሜ፣ 70 ግራም የምትይዝ አንድ ሲኒ ውሃ ጨምሬ አሟሟሁት። ኪሎው ስኳር አሁን በ570 ግራም ውሃ ላይ ተከፋፈለ፣ ለእያንዳንዱ 100 ግራም 175 ደረሰው። ከዚያ ወዲህ አልረጋም።

ጨው ላይ ግን የማሞቁን ዘዴ አትሞክሩ። በ20 ዲግሪ 100 ግራም ውሃ 36 ግራም ጨው ይችላል፣ በ100 ዲግሪም ቢሆን 39 ብቻ። ደህና አማስላችሁት ሥር የቀረ ጨው ካለ ከሰሉን ቆጥቡና ውሃ ጨምሩ።