የመኪና የነዳጅ መዝገብ አመረማመር፦ ኪሎ ሜትሩ፣ ፍጆታውና ብሩ ሲስማሙና ሳይስማሙ

አንድ የመሥሪያ ቤት መኪና ከባሕር ዳር እየተነሳ የሠራበትን ወር እንመርምር። የሚያስፈልገው የጉዞ መዝገቡ፣ የማደያ ደረሰኞቹ (በቴሌብር ከተከፈለ መልእክቱ) እና ካልኩሌተር ነው። ለስሌት እንዲመች ናፍጣ በሊትር 120 ብር ነው ብለን እንያዝ።

መጀመሪያ የጌጁ ንባብ መያያዙን እዩ። የአንዱ ጉዞ መድረሻ ንባብ የሚቀጥለው መነሻ መሆን አለበት። አንዱ 84,570 ላይ ቆሞ ቀጣዩ ከ84,590 ከጀመረ፣ ያልተመዘገበ 20 ኪሎ ሜትር አለ። ይህን ሳይጨርሱ ወደ ሊትርና ብር መግባት ድካም ነው።

ቀጥሎ አጭሯ ማረጋገጫ ትመጣለች፦ በሊትር የተሄደውን ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር ወጪ ስታባዙ የሊትሩ ዋጋ መውጣት አለበት። መኪናው ጎንደር ደርሶ ሲመለስ 360 ኪሎ ሜትር ሄዶ 40 ሊትር ቢቀዳ፣ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ሄደ ማለት ነው። 4,800 ብር ለ360 ሲካፈል 13.33 ይሆናል፤ 9 በ13.33 ሲባዛም 120 ገደማ ይመጣል። መዝገቡ ላይ 13.33 በሚገባበት ቦታ 14.67 ከተጻፈ ግን ብዜቱ 132 ይሆናል። በዚህ ዋጋ የሸጠ ማደያ ከሌለ፣ በ40 ሊትር ላይ 480 ብር ተጨምሯል። አብዛኛውን ጊዜ ስርቆት አይደለም፤ የጎሚስታ ወይም የዘይት ሒሳብ በነዳጅ ዓምድ ገብቶ ነው። በወሩ መሀል ዋጋ ከተቀየረ እያንዳንዱን ደረሰኝ በራሱ ዋጋ ፈትሹ።

ብዙ መርማሪ የሚሳሳተው ታንኩ ሳይሞላ በተቀዳ ነዳጅ ላይ ነው። ፍጆታ በትክክል የሚታወቀው ታንኩ ሞልቶ ከተነሳበት ነጥብ፣ እንደገና እስከሞላበት ነጥብ ድረስ ሲለካ ነው። የዚህን መኪና ወር እንከተል። ታኅሣሥ 2 ቀን 84,210 ላይ ሞላ። ታኅሣሥ 5 ከጎንደር ሲመለስ 84,570 ላይ በ40 ሊትር እንደገና ሞላ፤ እዚህ ድረስ ንጹሕ ነው። ታኅሣሥ 9 ደብረ ታቦር ደርሶ ሲመለስ ጌጁ 84,780 ይላል፤ 210 ኪሎ ሜትር ሄዶ 10 ሊትር ብቻ ቀዳ። ታኅሣሥ 14 ደግሞ ጢስ ዓባይ ሄዶ ከተማ ውስጥም ዞሮ 80 ኪሎ ሜትር ጨመረና በ22 ሊትር ሞላ።

መስመር በመስመር ካሰላችሁ ታኅሣሥ 9 በሊትር 21 ኪሎ ሜትር ይወጣል፤ በሊትር 9 የለመደ መኪና እንዲህ አይሄድም። ታኅሣሥ 14 ደግሞ 3.6 ይሆንና ሾፌሩ ይጠረጠራል። የሆነው ግን ቀላል ነው፤ በደብረ ታቦሩ መንገድ የተቃጠለው ነዳጅ በከፊል የተተካው ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ሁለቱን መስመሮች ስታዋህዱ 290 ኪሎ ሜትርና 32 ሊትር ይሆናሉ፤ በሊትር 9.06። መኪናውም ሾፌሩም ጤነኞች ናቸው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ «ሞልቷል» ወይም «አልሞላም» የሚል ዓምድ ከሌለ፣ ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት ዓምዱን አስጨምሩ።

የወሩን አማካይ ስታወጡም የየመስመሩን ውጤት ደምራችሁ አታካፍሉ። 9፣ 21 እና 3.6 ተደምረው ለሦስት ሲካፈሉ 11.2 ይሰጣሉ፤ ሐሰት ነው። ጠቅላላ ኪሎ ሜትሩን ለጠቅላላ ሊትሩ አካፍሉ፦ 650 ለ72፣ ማለትም 9.03። ርቀቱ በD፣ ሊትሩ በE ዓምድ ከሆነ በኤክሴል እንዲህ ይጻፋል፦

```
=SUM(D2:D4)/SUM(E2:E4)
```

አሁን ወደ ከባዱ። ሦስቱ ቁጥሮች ፍጹም ሲስማሙ አትረጋጉ፤ ሦስተኛው ከሁለቱ የተሰላ ስለሆነ መስማማቱ ግዴታው ነው። ሌላ የደብረ ታቦር ጉዞ 306 ኪሎ ሜትር፣ 34 ሊትር፣ 4,080 ብር ተብሎ ቢመዘገብ በሊትር 9፣ በኪሎ ሜትር 13.33 ይወጣል። እንከን የለውም። ነገር ግን ከባሕር ዳር በወረታ በኩል ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱ ከከተማ ውስጥ ዙር ጋር ቢበዛ 210 ይሞላል። ትርፉ 96 ኪሎ ሜትር፣ ወደ 1,280 ብር ነው። በተለይ ሁሉም መስመር ልክ 9.00 የሚልበት መዝገብ ይጠረጠር፤ በጭነት፣ በአቀበትና በጠጠር መንገድ የሚሠራ መኪና እንዲህ እኩል አይፈጅም። ሊትሩ ከርቀቱ ወደ ኋላ ተሰልቶ የተጻፈ ነው የሚመስለው።

መለያው ወርዶ የመኪናውን ጌጅ ማንበብ ነው። ጌጁ መዝገቡ ላይ ካለው የመጨረሻ ንባብ ጋር እኩል ከሆነ 96ቱ ኪሎ ሜትር በእርግጥ ተነድቷል፤ ጥያቄው የት ሄደ ነው፤ መልሱም ከስምሪት ወረቀቱ ይፈለጋል። ጌጁ ከመዝገቡ ወደ ኋላ ከቀረ ግን ርቀቱ የተጻፈው ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ 34 ሊትሩንም በማደያው ደረሰኝ አመሳክሩት።