የኤምሬቶችን ኮንትራት ጨርሰው ለሚመለሱ፦ በአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከድሬዳዋና ከሐረር ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሄደው በመጋዘን፣ በሆቴል፣ በጥበቃና በጽዳት ሥራ የቆዩ ወገኖቻችን የኮንትራታቸው ጊዜ አልቆ ሲመለሱ የሚያነሡት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ኒሃየት ኺድማዬ ስንት ነው?» ይላሉ። በአማርኛ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ የምንለው ይህ ገንዘብ ችሮታ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአገሪቱ የሥራ ግንኙነት ሕግ (የ2021 ፌዴራል አዋጅ ሕግ ቁጥር 33) አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ ላገለገለ የውጭ አገር ሠራተኛ የሰጠው መብት ነው። የኮንትራቱ ጊዜ ማለቁም ሕጉ ከሚያውቃቸው የውል ማብቂያ ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ፣ «እኛ አላባረርንህም፤ ጊዜህ ነው ያለቀው» የሚለው የአሠሪ መልስ ክፍያውን አያስቀርም።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ወሰን መታወቅ አለበት። ከዚህ በታች ያለው ስሌት በግል ድርጅት ለተቀጠረ ሠራተኛ ብቻ የሚሠራ ነው። በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ፣ ማለትም በ2022 አዋጅ ሕግ ቁጥር 9 ስለሆነ ይህን ስሌት ወደ እነርሱ ጉዳይ መውሰድ አይገባም።

የሌላ አገር ስሌት ይዞ መነሣት

ሐረር ውስጥ ሳዑዲ የሠራ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ ስለዚህም ከኤምሬቶች የተመለሰ ሰው የመጀመሪያ ምክሩን የሚያገኘው ከሳዑዲ ተመላሽ ነው። ምክሩ ቅን ቢሆንም ሕጉ ሌላ ነው። በሳዑዲ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የሚታሰበው በዓመት የግማሽ ወር ደመወዝ ሲሆን፣ መነሻውም አበልን የሚጨምረው የመጨረሻው ደመወዝ ነው። በእኛ አገር የሥራ ስንብት ክፍያ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰብና ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታከልበታል። በአጋጣሚ ሁለቱም መንገዶች ለአራት ዓመት አገልግሎት 60 ቀን ስለሚያደርሱ፣ ሳዑዲ የነበረው አጎትና ድሬዳዋ ፋብሪካ የሠራው ጎረቤት ሲስማሙ የሰማ ሰው ቁጥሩ እውነት ይመስለዋል።

የኤምሬቶች ሕግ ግን ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከአምስት ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የ30 ቀን ደመወዝ ይሰጣል፤ አጠቃላይ ድምሩም ከሁለት ዓመት ደመወዝ አይበልጥም። ለአራት ዓመት አገልግሎት 84 ቀን ስለሚያደርስ ቀኑ ከሁለቱም ይበዛል፤ የሚባዛበት ደመወዝ ግን ያንሳል። ቀጣዩ ስህተት የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

በጠቅላላ ደመወዝ ማስላት

የሚታሰበው መሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ነው፤ እዚያ ያሉ ሠራተኞች «አሳሲ» የሚሉት ማለት ነው። የቤት፣ የትራንስፖርትና የመሰል አበል ወደ ስሌቱ አይገባም፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም አይገባም። በየወሩ ባንክ የሚገባውን ገንዘብ ለዓመታት ሲያይ የቆየ ሰው ይህን መቀበል ይከብደዋል፤ ስለዚህም የማይገባውን ቁጥር ጠይቆ ሲከለከል የሚገባውንም እስከ መተው ይደርሳል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። የድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ልጅ የሆነ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2022 ሥራ ጀመረ እንበል። የመጀመሪያው የሁለት ዓመት ኮንትራቱ መሠረታዊ ደመወዝ 1,200 ድርሃም ነበር። ኮንትራቱ ለሌላ ሁለት ዓመት ሲታደስ መሠረታዊ ደመወዙ 1,500 ሆነ፤ ከ500 ድርሃም የቤትና ከ300 ድርሃም የትራንስፖርት አበል ጋር በእጁ የሚገባው 2,300 ድርሃም ነው። ኮንትራቱ ያለቀው እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 2026 ነው። ይህ ሰው በጠቅላላ ደመወዙ ቢያሰላ የ84 ቀኑ 6,440 ድርሃም ይመጣለታል። ትክክለኛው የቀን ዋጋ ግን የመጨረሻው መሠረታዊ ደመወዝ ለ30 ተካፍሎ የሚገኘው 50 ድርሃም ነው፤ ስለዚህ ምንም ቀን ባይቀነስበት እንኳ የሚደርሰው 4,200 ድርሃም ነው።

መሠረታዊ ደመወዙ ስንት እንደሆነ የሚነግረን በኤምሬቶች የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር የተመዘገበው ኮንትራት ነው እንጂ፣ ደላላ በስልክ የላከው ወረቀት ወይም የባንክ መልእክት አይደለም። ሰነዱን MOHRE በተባለው የሚኒስቴሩ መተግበሪያ ማየት ይቻላል፤ ይህን ገና እዚያ እያሉ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ይበጃል።

የአገልግሎት ጊዜን በተሳሳተ መንገድ መቁጠር

ከሁሉ የሚበዛው ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አሠሪውም ሠራተኛውም በየፊናቸው ስለሚሳሳቱ ነው።

የመጀመሪያው መሳሳት ኮንትራት በታደሰ ቁጥር አገልግሎቱ ከዜሮ እንደሚጀምር ማሰብ ነው። ሕጉ ኮንትራቱ ሲራዘም ወይም ሲታደስ አዲሱ ጊዜ በቀድሞው ላይ እንደሚደመር በግልጽ አስቀምጧል። የጊዜው ማብቂያ አልፎ ሁለቱም ወገኖች ምንም ሳይነጋገሩ ሥራው ቢቀጥል እንኳ ኮንትራቱ በነበረበት ሁኔታ እንደተራዘመ ይቆጠራል። ለሳቢያኑ ሠራተኛ ይህ ተራ ነገር አይደለም። አሠሪው የመጨረሻውን ሁለት ዓመት ብቻ ቆጥሮ ቢከፍለው የመጀመሪያው ሁለት ዓመት 42 ቀን፣ ማለትም በዛሬው 50 ድርሃም ሲባዛ 2,100 ድርሃም ይቀርበታል። የመጀመሪያውን ዘመን በቀድሞው 1,200 ደመወዝ አስቦ ቢከፍለው ደግሞ 1,680 ይሆንና 420 ድርሃም ይጎድልበታል፤ ምክንያቱም መነሻው ለጠቅላላው አገልግሎት የመጨረሻው መሠረታዊ ደመወዝ ነው።

ሁለተኛው መሳሳት ያለ ደመወዝ የተቀረባቸውን ቀናት መርሳት ነው። እነዚህ ከአገልግሎት ዘመን ይወጣሉ። ሠራተኛችን በሁለተኛው ኮንትራት ውስጥ አባቱ አርፈው ለለቅሶ ወደ ድሬዳዋ መጣ፤ ከሠልስቱም ከአርባውም በኋላ የቤተሰብ ጉዳይ ያዘውና 106 ቀን ቆየ። ከዚህ ውስጥ 30ው የዓመት ፈቃዱ ነበር፤ 3ቱ ደግሞ ሕጉ ወላጅ ለሞተበት ሠራተኛ ከነደመወዙ የሚፈቅዳቸው የሐዘን ቀናት ናቸው፤ ያለ ደመወዝ ያሳለፈው 73 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ከአገልግሎቱ የሚወጣው 73 ቀን፣ ማለትም የዓመቱ አንድ አምስተኛ ነው። የሚቀረው 3.8 ዓመት በ21 ሲባዛ 79.8 ቀን፣ በ50 ድርሃም ሲባዛ 3,990 ድርሃም ይሆናል። የሒሳብ ክፍሉ 106ቱንም ቀን ቢቀንስ ወደ 95 ድርሃም ገደማ ያለ አግባብ ያጎድልበታል። ገንዘቡ ትንሽ ቢመስልም፣ አሠሪው ከፈቃድ መዝገብ ይልቅ የፓስፖርት ማኅተም ብቻ አይቶ እንደቆጠረ የሚታወቀው በእንዲህ ዓይነቱ ልዩነት ነው። በነገራችን ላይ የአንድ ዓመት ኮንትራት ብቻ ያላቸው ሰዎች በዚህ ረገድ ይበልጥ መጠንቀቅ አለባቸው፤ ያለ ደመወዝ የቀሩባቸው ጥቂት ቀናት አገልግሎታቸውን ከአንድ ዓመት በታች ሊያወርዱት ይችላሉና። ዓመቱን ከሞሉ በኋላ ያለው ትርፍ ወርና ቀን ግን በመጠኑ ይከፈላል።

የሙከራ ጊዜም ሠራተኛው አልፎት ሥራውን ከቀጠለ በአገልግሎት ውስጥ ይቆጠራል።

ገንዘቡ ሳይገባ መፈረም

ኮንትራቱ ሲያልቅ አሠሪው የሥራ ፈቃዱን «ካንስል» ለማድረግ ሠራተኛው የሚፈርምበት ወረቀት ያቀርባል። በዚህ ወረቀት ላይ ሠራተኛው የሚገባውን ሁሉ እንደተቀበለ የሚናገር ዐረፍተ ነገር አለ። ብዙ ሰው ይህን የአውሮፕላን ትኬት መቀበያ ወረቀት አድርጎ ያየዋል፤ ትኬቱ የነገ ከሆነና ሻንጣው ከታሰረ ደግሞ ማንበቡንም ይተወዋል። በኋላ ክርክር ሲነሣ ግን በአሠሪው በኩል የሚቀርበው የመጀመሪያ ማስረጃ ያ ፊርማ ነው። አሠሪው ሁሉንም ክፍያ ኮንትራቱ ካለቀበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ እንዲያጠናቅቅ ሕጉ ያዘዋል፤ በእኛ ምሳሌ እስከ መጋቢት 14 ቀን 2026 ማለት ነው። «ፈርምና ሂድ፤ በኋላ እንልክልሃለን» የሚል ቃል ይህን ግዴታ አይተካውም።

ከመፈረም በፊት የሒሳብ መዝጊያው ዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ይገባል። በዝርዝሩ ላይ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያው ለብቻው፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ለብቻው፣ የመጨረሻው ወር ደመወዝም ለብቻው መጻፍ አለባቸው። አንዳንድ ሒሳብ ያዥ ሦስቱን በአንድ ቁጥር ደርቦ ስለሚጽፋቸው፣ የፈቃዱ ገንዘብ ተከፍሎ የአገልግሎት ክፍያው ሳይከፈል ቢቀር እንኳ አይታወቅም። ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ ሌላ አሠሪ ላልተዛወረ ሠራተኛ የመመለሻ ትኬቱ የአሠሪው ወጪ ነው፤ ስለዚህ ከክፍያው ላይ የትኬት ዋጋ ተቀንሶ ከተገኘ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አገር ቤት ከገቡ በኋላ መዘግየት

የሥራ ክርክር ማቅረቢያው ጊዜ ቀድሞ አንድ ዓመት የነበረ ሲሆን፣ በ2024 በተደረገው ማሻሻያ የሥራ ግንኙነቱ ካበቃበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሆኗል። ለሳቢያኑ ሠራተኛ ይህ ቀን የካቲት 28 ቀን 2028 ነው። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ልብ ይባል፤ የወሮቹን ስም በአማርኛ ስለምንጽፍ ብቻ በእኛ የካቲት 28 ብሎ የቆጠረ ሰው በአንድ ሳምንት ገደማ ይዘገያል፤ ያ ቀን በእኛ የካቲት 20 ነውና።

አቤቱታው የሚጀምረው በሚኒስቴሩ ነው፤ እስከ 50,000 ድርሃም ባለው ክርክርም ሚኒስቴሩ ራሱ መወሰን ይችላል። የአብዛኛው ሠራተኛ ክፍያ ከዚህ በታች ስለሆነ እዚያ እያለ የጀመረ ሰው መንገዱ ያጥርለታል። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ቁጭ ብሎ የጀመረ ሰው ግን እዚያ ላለ ሰው ውክልና መስጠት ይኖርበታል፤ ውክልናውም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና አዲስ አበባ ባለው የኤምሬቶች ኤምባሲ ተረጋግጦ መላክ አለበት። የአዲስ አበባው ጉዞና የማረጋገጫው ወጪ ከሚጠየቀው ገንዘብ ጋር መመዛዘን ስላለበት፣ 95 ድርሃም ለጎደለበት ሰው መተው ይሻለው ይሆናል፤ 2,100 ለጎደለበት ግን አይሻለውም።