ልኩን ያዛባው ቱቦው ውስጥ የቀረ አየር ነበር

ሐዋሳ፣ ግንባታ ቦታ ላይ የመጀመሪያ ቀኔ። ሠራተኞቹ በውሃ ቱቦ የ1 ሜትር ምልክት ከኮለን ኮለን ሲያዞሩ፣ ወደ መነሻው ሲመለሱ 2 ሴንቲ ሜትር ይዛነፋል። እኔ ከመምጣቴ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ሜትር ቀይረዋል፣ ምልክቱን ደጋግመውታል፤ ለውጥ የለም።

"ኢንጂነር፣ እኛ በዚሁ ነው ያረጀነው" አሉኝ ፎርማኑ። ልጅቷ ምን ታውቃለች ማለታቸው ነው።

"እሺ ጋሼ፣ ሁለቱን ጫፍ ጎን ለጎን ያዙልኝ።"

ውሃው እኩል መቆም ነበረበት፤ አልቆመም። ቱቦውን እየዳሰስኩ ሄድኩ። ሽቅብ በሚወጣው በኩል፣ ጣት የምታህል አየር መንገዱን ዘግታለች። አንዱን ጫፍ ባልዲ ውስጥ ነክረን፣ በሌላው ጫፍ አረፋ የሌለው ውሃ እስኪወርድ ድረስ አፈሰስነው። ጫፎቹን አጋጠምን፤ እኩል ሆነ። እንደገና ስናዞር ምልክቱ መነሻው ላይ ገጠመ። አሁን ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ጫፎቹን የሚያጋጥሙት ፎርማኑ ራሳቸው ናቸው።