ተዋናዩ ሳይጠፋ እንዲያረጅ ማድረግ

የ30 ዓመቱን ተዋናይ የ70 ዓመት አዛውንት ለማስመሰል የተሠራው ሜካፕ ከአዳራሹ መካከል ሲታይ ፊቱ የቆሸሸ ያስመስለው ነበር፤ ይባስ ብሎም ተዋናዩ ራሱ አልታወቅ አለ። ምክንያቱ መስመሮቹ በጥቁር እርሳስ፣ ያውም ቆዳው በማይታጠፍበት ቦታ መሳላቸው ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከራሱ ፊት ነው። ግንባሩን እንዲቋጥር፣ ዓይኖቹን እንዲያጠብና እንዲስቅ ካደረግሁ በኋላ፣ እጥፋቶቹ በታዩበት ቦታ ብቻ ከቆዳው ጠቆር ባለ ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም በቀጭን ብሩሽ አሰመርኩ። የእያንዳንዱን መስመር አንዱን ጠርዝ እንደነበረ ትቼ ሌላውን በጣቴ አደበዘዝኩና ከጎኑ ከቆዳው ፈካ ያለ ቀለም አስጠጋሁ፤ የቆዳን መጨማደድ የሚያሳየው ጥላው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ብርሃንም ነውና። ሰውየው የሚታወቅበትን የቅንድቡን ቅርጽና የከንፈሩን ዳር አልነካሁም።

ለሽበቱ ንጹሕ ነጭ አልመረጥኩም፤ በመድረክ መብራት ሥር ዱቄት የተነሰነሰበት ያስመስላል። ወደ ክሬም ያደላ ነጭ በጥርስ ብሩሽ ነካ አድርጌ ከጆሮው በላይ ካለው ፀጉር ጀመርኩ፤ አናቱን ግን በአብዛኛው ጥቁር እንደሆነ ተውኩት። ተመልካቹ በቅርብ በሚቀመጥበት ትንሽ አዳራሽ ይህም ስለሚበዛ፣ የግንባሩ መስመሮች መቀነስ ይኖርባቸዋል።