ጨው፣ አሸዋና ውሃን ስንለይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

5 ግራም የደቻቱ ወንዝ አሸዋ፣ 5 ግራም የገበታ ጨውና 20 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ቢከር ውስጥ ተደባልቀዋል እንበል። የመጀመሪያው ስህተት ገና ዕቃ ሳይነሳ ይፈጸማል፤ ምን ማስቀረት እንደምንፈልግ ሳንወስን ዘዴ መምረጥ። አሸዋው ብቻ ከተፈለገ ማጥለል ይበቃል። ጨውም ከተፈለገ የጠለለውን ማትነን ነው። ውሃውም ከተፈለገ ግን በእንፋሎት በኖ እንዳይጠፋ ማንጠር ያስፈልጋል። የሟሟ ጨው በማጥለያ ወረቀት አይያዝም፤ አሥር ጊዜ ቢጠለልም ውሃው ያው ጨዋማ ነው።

ከወንዝ የመጣን አሸዋ ሳያጥቡ መጠቀምም ችግር አለው። ደለሉ የወረቀቱን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ጠብታው ይቆማል። ስለዚህ አሸዋውን ቀድሞ አጥቦ ማድረቅ ይሻላል።

ብዙ ጨው የሚጠፋው ግን ከተጠለለ በኋላ አሸዋውን ባለማጠብ ነው። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.25 ግራም ጨው አለ። እርጥቡ አሸዋ 2 ሚሊ ሊትር ይዞ ቢቀር ግማሽ ግራም፣ ማለትም ከጨዉ አንድ አሥረኛው፣ አብሮ ይቀራል። ምልክቱ አሸዋው ሲደርቅ ከ5 ግራም በላይ መመዘኑ ነው። በ5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ ማጠብ ይበቃል። በ100 ሚሊ ሊትር ማጠብ ደግሞ ክፍለ ጊዜውን ውሃ ሲተን በመጠበቅ ይጨርሰዋል። ፈሳሹ ከወረቀቱ ጠርዝ በላይ እንዳይሞላም ይጠንቀቁ፤ በጎን ሾልኮ አሸዋ ይዞ ይወርዳል።

በማትነን ጊዜ እስኪደርቅ ድረስ በኃይለኛ እሳት ማቆየት አደገኛ ነው። ሊደርቅ ሲል ጨዉ እየተፈናጠረ ከሳህኑ ይወጣል፣ ዓይንም ሊያቃጥል ይችላል። መነጽር ማድረግና ጥቂት ፈሳሽ ሲቀር እሳቱን ማጥፋት ነው፤ ቀሪውን የድሬዳዋ ፀሐይ ያደርቀዋል።

በማንጠር ላይ ሐረር ውስጥ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ከተማዋ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውሃ የሚፈላውም 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። 100 እስኪደርስ የሚጠብቅ ተማሪ ቴርሞሜትሩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ውሃው ግን እየነጠረ ነው። ድሬዳዋ ዝቅ ስለምትል ወደ 96 ይጠጋል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ እንፋሎቱ ከሚወጣበት የጎን ቱቦ ትይዩ ይሁን። ፈሳሹ ውስጥ ከተነከረ የጨዋማውን ውሃ ሙቀት ያነባል፤ እሱ ደግሞ ከእንፋሎቱ ይበልጣል። የማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ኮንደንሰሩ ከታች ገብቶ ከላይ ይውጣ፤ አለበለዚያ ቱቦው ሳይሞላ ቀርቶ እንፋሎቱ ያመልጣል።

የወረቀት ክሮማቶግራፊ ለዚህ ድብልቅ አይረዳም፤ ቦታው እንደ ጥቁር ማርከር ቀለም ያሉ የቀለማት ድብልቆች ናቸው። መነሻ መስመሩን በእርሳስ ያስምሩ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አብሮ ሊወጣ ይችላል። መስመሩ ላይ የሚደረገው የማርከር ነጥብ ከውሃው ወለል 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ከተነከረ ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ሳይወጣ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። በውሃ የማይለቅ ማርከር ከሆነ ነጥቡ ካለበት አይነቃነቅም፤ ያኔ ውሃውን በአልኮል ይተኩና እሳት ያርቁ።