ሁለት ሮቶ፣ አንድ ፓምፕ፦ አልታዘዝ ያለውን ሞድ ማግኘት

ምልክቱ

ደብረ ብርሃን ዳር ባለ የአትክልት ማሳ ሁለት እኩል ሮቶዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንድ ፓምፕ ውሃውን እኩል ያካፍላቸዋል። ከታች የምታገናኛቸው ቱቦም አለች። ሴንሰሩ ያለው መጀመሪያው ሮቶ ላይ ብቻ ነው።

አንዱን አጥበን ስንመልሰው በከፍታ 40 ሳንቲ ሜትር ተበላለጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ልዩነቱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። በሌላ ቀን የመቆጣጠሪያውን ጌይን እጥፍ አድርገን ደገምነው። ያው 15። በዚያ የጠዋት ብርድ ጌይን ስነካካ የዋልኩት በከንቱ ነበር። ሌላም ምልክት አለ፦ ሞዴሉ ሁለት ስቴት አለው፤ ትራንስፈር ፋንክሽኑ ግን `1/(s+2)` ብቻ ነው። አንድ ፖል የት ገባ?

ምክንያቱ

ጊዜን በሰዓት፣ ከፍታን ከተለመደው ደረጃ ባለው ልዩነት ይዘን በMATLAB እንዲህ እንጽፋለን፦

```
A=[-3 1;1 -3]; B=[1;1]; C=[1 0];
svd([B A*B])
svd([C;C*A])
P=[1 1;1 -1];
P\A*P, P\B, C*P
```

የመጀመሪያው `svd` አንዱን ቁጥር ዜሮ ያደርገዋል። ስለዚህ ፓምፑ የሚደርሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ እሱም `[1;1]`፣ ማለትም ሁለቱን አብሮ ከፍ ዝቅ ማድረግ። ይህን የ`P` የመጀመሪያ ዓምድ እናደርገዋለን። ሁለተኛው ዓምድ ከመጀመሪያው የተለየ አቅጣጫ ያለው ማንኛውም ቬክተር ሊሆን ይችላል። እኔ የከፍታ ልዩነቱን መረጥኩ፤ ማትሪክሱ ጥርት ብሎ ስለሚወጣ።

ውጤቱ ሩዶልፍ ካልማን ያሳየው ክፍፍል ነው። አዲሱ `A` ሰያፉ ላይ -2 እና -4 ይዟል። `B` `[1;0]`፣ `C` ደግሞ `[1 1]` ሆኗል። እንግዲህ -4 ላይ ያለው የልዩነት ሞድ ለፓምፑ አይታዘዝም፤ ለሴንሰሩ ግን ይታያል። ልዩነቱ በየሩብ ሰዓቱ ወደ 37 በመቶ ገደማ ስለሚወርድ ነው ከ40 ተነስተን ሁልጊዜ 15 የምናገኘው። የጠፋው ፖልም እሱ ነው፤ በ`(s+4)` ተጣፍቶ ነበር።

አንድ ወጥመድ አለ። በመስክ የተለካ `B` እንደዚህ ድፍን ቁጥር አይሆንም። `[1.01;0.99]` ቢሆን `rank` ሁለት ብሎ ያሞኛችኋል። `svd` ግን 3.16 እና 0.013 ይሰጣል። ትንሹ ቁጥር እንዲህ ሲወርድ ሞዱን በወረቀት እንጂ በፓምፕ አታዙትም።

መፍትሄው

ሞዱ በራሱ ስለሚረጋጋ ሩብ ሰዓት መታገስ ከቻላችሁ ምንም አትንኩ። ካልቻላችሁ ጌይኑን ተዉት፤ ቧንቧውን ንኩ። ወደ ሁለተኛው ሮቶ የሚሄደውን ቫልቭ በከፊል ዘግታችሁ `B`ን `[1.2;0.8]` ብታደርጉት `P\B` `[1;0.2]` ይሆናል። 0.2 ደካማ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። ፓምፑ የመጀመሪያውን ሮቶ ብቻ ቢሞላ የበለጠ ይሻላል።

ሁለተኛ ሴንሰር መግዛት አያስፈልግም፤ ካለው ሴንሰር የልዩነቱን ሞድ በኦብዘርቨር መገመት ይቻላል። ሴንሰሩን ግን የሁለቱን ድምር ወደሚለካ ቦታ እንዳታዛውሩት። ያኔ `C` `[1 1]` ይሆንና `C*P` `[2 0]` ይወጣል። ቫልቩን አስተካክላችሁ ሞዱ ቢታዘዝም እንኳ አታዩትም።