የጓሮ አፈር ፒኤች በቤት ውስጥ እንዴት ይለካል?

የፒኤች መለኪያ ከ0 እስከ 14 ይሄዳል። 7 ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው አሲዳማ፣ ከዚያ በላይ ያለው አልካላይን ይባላል። የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ፣ ወተት 6.5 ገደማ፣ የሳሙና ውሃ ደግሞ ከ9 እስከ 10 ይሆናል። አንድ ቁጥር በወረድን ቁጥር አሲዳማነቱ አስር እጥፍ ስለሚጨምር፣ ፒኤቹ 5 የሆነ አፈር 6 ከሆነው በትንሹ ብቻ የሚለይ እንዳይመስላችሁ። አብዛኞቹ አትክልቶች የሚስማማቸው ከ6 እስከ 7 ነው።

ለመለካት የፒኤች ወረቀት ይበቃል። አፈር ላይ የሚሰኩትን ርካሽ ባለ ሁለት እግር መለኪያዎች አልመክርም፤ ንባባቸው ከአሲዱ ይልቅ ከአፈሩ እርጥበት ጋር ይለዋወጣል።

ከመደቡ አምስት ስድስት ቦታ፣ እስከ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ድረስ አፈር ውሰዱ። በፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅሉትና ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ ጠጠርና ሥሩን ለቅማችሁ ጓሉን አድቅቁት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃው ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ ብዙ ጊዜ ከድንጋይ የሟሟ ካርቦኔት ይዞ ይመጣል፤ ይህም የአፈሩን አሲድ እየገደለ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ዲስቲልድ ውሃ ተጠቀሙ። ብቻውን ስትለኩት ከ6 በታች ቢያሳይ አትደንግጡ፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ነው። ይህ አሲድ እጅግ ደካማ በመሆኑ አፈር ሲገባበት ንባቡን የሚወስነው አፈሩ ይሆናል።

አንድ ስኒ አፈር በአንድ ስኒ ውሃ በጥብጡ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል አልፎ አልፎ እያማሰላችሁ ቆዩ። ከዚያ ጭቃው ይረፍ። ወረቀቱን ከላይ በጠለለው ውሃ ውስጥ ብቻ ንከሩት፤ ጭቃ ከነካው ቀለሙን ማንበብ አይቻልም። ካልጠለለላችሁ በቡና ማጣሪያ ወረቀት አሳልፉት።

ወረቀቱ 5 አሳየ እንበል። የተፈጨ የእርሻ ኖራ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ መጠኑን ግን ይህ ቁጥር ብቻውን አይነግራችሁም። ወረቀቱ የሚለካው ውሃው ውስጥ የወጣውን አሲድ ነው። ሸክላማ አፈር ከዚያ የሚበልጥ አሲድ በቅንጣቶቹ ላይ ይዞ ስለሚቆይ፣ የሟሟው ሲቀንስ ከመጋዘኑ እየለቀቀ ይተካዋል። አሸዋማ አፈር እንዲህ ያለ ክምችት ብዙም የለውም። በዚህ የተነሳ ሁለቱም እኩል 5 ቢያሳዩ ሸክላማው ከአሸዋማው የበለጠ ኖራ ይፈልጋል። በከረጢቱ ላይ ለአፈራችሁ ዓይነት የተጻፈውን መጠን ተከተሉና ከላይኛው 15 ሴንቲሜትር ጋር አዋህዱት። ኖራው ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ለኩ።

ፒኤቹ ከ7.5 ካለፈ ብረት ከአፈሩ ውስጥ ሳይጠፋ ተክሉ ሊስበው ያቅተዋል። ምልክቱ የሚታየው በለጋ ቅጠሎች ላይ ነው፤ የቅጠሎቹ ደም ሥሮች አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ቢጫ ይሆናል። ያኔ ኖራም አመድም አትጨምሩ።